ሰማያዊውን የሚያስቀሩ 38 ኬላዎች

የእህቴ ልጅ ስድስት ዓመቷ ነው። ባለፈው ሰሞን መኪና ውስጥ ከኋላ ተቀምጣ፣ "ጋሼ፣ ሰማይ ለምን ሰማያዊ ሆነ?" አለችኝ። "ሰማይ ስለሆነ ነዋ!" አልኳት። ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም። መስኮቱን እያየች ዝም አለች።

በእርግጥ በአማርኛ ጥያቄው ራሱ ያስቃል። ቀለሙን የሰየምነው በሰማይ ነው። "ሰማያዊ" ማለት የሰማይ፣ ሰማይ የሚመስል ማለት ነው። ስለዚህ "ሰማይ ለምን ሰማያዊ ሆነ" ማለት "ሎሚ ለምን ሎሚ ሎሚ ይላል" እንደማለት ይሆናል። ልጅቷ የጠየቀችው ግን ስለ ስሙ አይደለም። አየር እጃችን ላይ ስናየው ቀለም የለውም። ፀሐይም እኩለ ቀን ላይ ነጭ ናት። ቀለም ከሌለው አየር እና ከነጭ ብርሃን ይሄ ሁሉ ሰማያዊ ከየት መጣ?

እኔ ተማሪ ሳለሁ የተነገረኝ መልስ "የባሕር ነጸብራቅ ነው" የሚል ነበር። ለረጅም ጊዜም አምኜው ኖሬያለሁ። ባሕር ከሌለው ሀገር መሀል፣ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጬ! ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ባሕሩ ለሰማያዊነቱ የራሱ ምክንያት አለው፤ ከላዩ የምናየው ነጸብራቅ ግን የሰማዩ ነው።

ደግሞ ጥያቄው ሌላ ግማሽ አለው። ያው አየር፣ ያችው ፀሐይ፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ ብርቱካናማ ከዚያም ቀይ ትሆናለች። ቀን ሰማያዊ የሚያደርገው ነገር ማታ እንዴት ቀይ ያደርጋል? ሁለት መልስ መፈለግ አያስፈልግም። መልሱ አንድ ነው፤ ለማየት ደግሞ ሰማይ ድረስ መውጣት አይጠይቅም። ቡና የሚፈላበት ቤት ይበቃል።

ዕጣን ሲጨስ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ጠዋት ላይ ነው እንበል። በመስኮቱ አንድ ዘንግ የሚያህል የፀሐይ ብርሃን ገብቷል። ከማጨሻው የሚወጣው ቀጭን ጭስ ያንን ብርሃን እያቋረጠ ይወጣል። አሁን ከጎን ሆናችሁ፣ ከጭሱ ጀርባ ጨለም ያለ ነገር፣ ለምሳሌ የጓዳው በር፣ እንዲሆን አድርጋችሁ እዩት። ጭሱ ሰማያዊ ይላል። ቀጥሎ ተነሱና ጭሱን በእናንተና በመስኮቱ መካከል አድርጉት። በጭሱ ውስጥ አሻግራችሁ ብርሃኑን ስታዩ ያ ሰማያዊ የለም። ቡናማ፣ ቢጫ ቢጤ ነው። ጭሱ አልተቀየረም። የተቀየረው የእናንተ መቀመጫ ነው።

ከጎን ስታዩ ወደ ዓይናችሁ የሚደርሰው ጭሱ ከመንገዱ አስወጥቶ የበተነው ብርሃን ነው። አሻግራችሁ ስታዩ የሚደርሳችሁ ደግሞ ከብተናው የተረፈው ነው። ጭሱ የሚበትነው ሰማያዊውን አብልጦ ስለሆነ፣ ከጎን ያለው ሰው ሰማያዊ ያገኛል፣ ፊት ለፊት ያለው ሰው ሰማያዊ የጎደለው ብርሃን ይደርሰዋል። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ከ500 ዓመት በፊት የደረቅ እንጨት ጭስን ከጥቁር ነገር ፊት አድርጎ አይቶ፣ ሰማዩም በዚህ ዓይነት መንገድ ሰማያዊ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ገምቷል። ሰውዬው አልተሳሳተም። የጎደለው ለምን ሰማያዊው ተመርጦ እንደሚበተን የሚያስረዳው ስሌት ነበር። ያ እስኪመጣ ከ350 ዓመት በላይ ፈጀ።

ስሌቱን በ1871 እ.ኤ.አ. የሠራው እንግሊዛዊው ጆን ዊልያም ስትረት ነው። በኋላ በማዕረግ ስሙ ሎርድ ሬይሊ ተብሎ ይታወቃል። የሚበትነው ነገር ከብርሃኑ የሞገድ ርዝመት በጣም ያነሰ ከሆነ ምን ይፈጠራል የሚለውን ነው የመረመረው። ከእሱ በፊት ብዙ ሰው፣ በአየር ውስጥ የሚንሳፈፍ ደቃቅ ብናኝ ወይም የውሃ ጠብታ መኖር አለበት ብሎ ያስብ ነበር። ሬይሊ ራሱ በ1899 ተመልሶ ሲያሰላው፣ ብናኝ ባይኖርም የአየሩ ሞለኪውሎች ብቻቸውን ሰማዩን ሰማያዊ ለማድረግ እንደሚበቁ አሳየ። ስለዚህ ሰማያዊው የአየሩ ቆሻሻ አይደለም። የራሱ የአየሩ ሥራ ነው።

እስቲ ወደ አንዷ ሞለኪውል እንጠጋ። የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን፣ 21 በመቶው ኦክስጅን ነው። አንዷ ሞለኪውል ስፋቷ ከአንድ ናኖሜትር ሲሶ ገደማ ነው። ናኖሜትር የአንድ ሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው። የሰማያዊ ብርሃን የሞገድ ርዝመት 450 ናኖሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ ሞገዱ ከሞለኪውሏ ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ ይረዝማል። ሐይቅ ላይ ትልቅ ማዕበል ሲመጣ አንዲት የተልባ ፍሬ እንደምትገጥመው ዓይነት ነገር ነው። ፍሬዋ ማዕበሉን አትመልሰውም፣ አትጋርደውም። አብራው ትወዛወዛለች እንጂ።

የሚወዛወዘው የሞለኪውሏ ኤሌክትሮን ነው። ብርሃን የኤሌክትሪክ ግፊትና ጉተታ ነው፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ እጅግ በፈጠነ ምት። ኤሌክትሮኖቹ ምቱን ተከትለው ይንቀጠቀጣሉ። የሚንቀጠቀጥ ኤሌክትሮን ደግሞ ራሱ ብርሃን ይረጫል፣ ወደ ብዙ አቅጣጫ። በአንድ በኩል የመጣው ብርሃን ትንሽ ትንሹ እየተቆነጠረ በየአቅጣጫው ተረጨ ማለት ነው። መበተን የምንለው ይሄንን ነው። ብርሃኑ ቀለሙን አልለወጠም። ሰማያዊ ሆኖ የመጣው ሰማያዊ ሆኖ ነው የሚበተነው። የተለወጠው አቅጣጫው ብቻ ነው።

አሁን ወሳኙ ነገር። ሰማያዊና ቀይ ብርሃን የሚለያዩት በምታቸው ፍጥነት ነው። ሰማያዊው ሞገዱ አጭር፣ ምቱ ፈጣን ነው። የቀዩ ሞገድ ረጅም፣ ምቱ ዝግ ያለ ነው። እስክስታ የወረደ ሰው ይሄን በትከሻው ያውቀዋል። ትከሻው የሚሄድበት ስፋት ሳይለወጥ ምቱ እጥፍ ቢፈጥን፣ ትከሻውን ወስዶ ለመመለስ የሚያስፈልገው ጉልበት እጥፍ ብቻ አይደለም፤ አራት እጥፍ ነው። የኤሌክትሮኑም እንደዚያ ነው። ምቱ እጥፍ ሲሆን የሚረጨው ሞገድ አራት እጥፍ ይጠነክራል። የብርሃን ጉልበት ደግሞ የሚለካው የሞገዱ ጥንካሬ በራሱ ተባዝቶ ስለሆነ፣ አራት ጊዜ አራት፣ አሥራ ስድስት እጥፍ ይሆናል። የሬይሊ ሕግ የሚባለው ይሄ ነው። የሞገድ ርዝመቱ በግማሽ ሲያጥር ብተናው 16 እጥፍ ይጨምራል።

ሰማያዊና ቀይ በእጥፍ አይለያዩም። ሰማያዊውን 450፣ ቀዩን 650 ናኖሜትር ብንል ስሌቱ እንዲህ ነው።

(650/450)⁴ ≈ 4.35

አንድ አየር ከቀዩ ይልቅ ሰማያዊውን ከአራት እጥፍ በላይ ይበትነዋል ማለት ነው። ቀን ላይ ቀና ስንል፣ ፀሐይ በሌለችበት አቅጣጫ፣ ዓይናችን የሚያገኘው ይሄንን የተበተነ ብርሃን ነው። አየር ባይኖር ኖሮ ከዚያ አቅጣጫ ወደ ዓይናችን የሚመጣ ብርሃን አይኖርም ነበር። ጨረቃ ላይ የቆሙ ሰዎች ያነሷቸው ፎቶዎች ላይ ፀሐይ ወጥታ ሰማዩ ጥቁር የሆነው ለዚህ ነው።

እዚህ ጋ ጠርጣራ አንባቢ እጁን ያወጣል። "ሞገዱ ያጠረ ከሆነ አብልጦ የሚበተነው፣ ሐምራዊ ከሰማያዊም ያጠረ ሞገድ አለው። ታዲያ ሰማዩ ለምን ሐምራዊ አልሆነም?" ጥያቄው ትክክል ነው፤ ብዙ ማብራሪያም ዘሎት ያልፋል። ሐምራዊው በእርግጥ ይበልጥ ይበተናል። ግን ፀሐይ ከመነሻው የምትልከው ሐምራዊ ከሰማያዊው ያነሰ ነው። ዓይናችንም ለሐምራዊ ብዙ ስሜት የለውም። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሰማይ ብርሃን አንድ ቀለም ብቻ አይደለም። አረንጓዴም፣ ቢጫም፣ ቀይም አለበት፤ መጠናቸው አነሰ እንጂ። ይሄ ሁሉ ሲደባለቅ ዓይናችን የሚያነበው ነጭ የተቀላቀለበት ሰማያዊ አድርጎ ነው። ስለዚህ የሰማዩ ቀለም ግማሹ የአየሩ ሥራ ሲሆን፣ ግማሹ የዓይናችን ነው።

ወደ ማታው እንሂድ። ለዚህ አንድ ቦታና አንድ ቀን ልምረጥ። ቦታው አዲስ አበባ፣ ቀኑ መስከረም 12 አካባቢ። በእነዚያ ቀናት ቀንና ሌሊት እኩል ይሆናሉ፣ ፀሐይም ልክ በምዕራብ በኩል ትጠልቃለች፤ አዲስ አበባ ላይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ20 ገደማ።

እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናት በላይ ስትሆን ብርሃኗ አየሩን በአጭሩ፣ ከላይ ወደ ታች ያቋርጠዋል። ይሄንን አንድ ጉዞ አንድ ኬላ ብለን እንጥራው። በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ኬላው ከ100 ሰማያዊ ጨረሮች 16 ያህሉን ይይዝና ይበትናል። ከ100 ቀይ ጨረሮች የሚይዘው 4 ያህሉን ብቻ ነው። 84 ሰማያዊና 96 ቀይ አለፉ። ከተያዙትም ከፊላቸው ሰማዩን ያበራሉ፤ ሌላው ከፊላቸው ወደ ላይ ተመልሶ ጠፈር ይገባል። በዚህ ሰዓት ፀሐይዋ ከነጭ እምብዛም አትርቅም። የጎደለባት ትንሽ ነው።

ማታ ፀሐይ አድማስ ላይ ስትሆን ብርሃኗ አየሩን የሚያቋርጠው በአግድም ነው። መሬት ክብ ስለሆነች የአየሩ ንብርብርም አብሯት ይጎብጣል፣ ስለዚህ አግድሙ መንገድ ማለቂያ የሌለው አይደለም። ቢሆንም ብርሃኑ የሚያልፈው የአየር መጠን ቀጥ ብሎ ሲወርድ ከሚያልፈው 38 እጥፍ ያህል ነው። 38 ኬላ ተራ በተራ ማለት ነው። የመጀመሪያው ኬላ ከሰማያዊው 16 በመቶ ያስቀራል። ሁለተኛው ከቀሪው 16 በመቶ። ሦስተኛውም እንደዚያው። በስሌት ማሽን 0.84ን 38 ጊዜ አባዙት። ከተነሱት 1,000 ሰማያዊ ጨረሮች መጨረሻ ላይ የሚደርሱት ሁለት እንኳ አይሞሉም። ቀዩስ? 0.96ን 38 ጊዜ ስታባዙ ከ1,000 ከ200 በላይ ይደርሳሉ። መሀል ላይ ያሉትም እንደየሞገዳቸው ነው። ከአረንጓዴው 60 ገደማ፣ ከብርቱካናማው 140 ገደማ ያልፋል።

የመጀመሪያው ኬላ ላይ ልዩነቱ 84 ለ96 ነበር፤ ዓይን ላያስተውለው ይችላል። 38ኛው ላይ ልዩነቱ ከመቶ እጥፍ በላይ ሆነ። ስለዚህ "ማታ አየሩ ቀይ ያደርጋታል" ሲባል ቃሉ ትንሽ ያሳስታል። አየሩ ቀይ አልጨመረባትም። ሰማያዊውን ወሰደባት፣ አረንጓዴውንም ብዙውን ወሰደ፣ የተረፈው ቀይና ብርቱካናማ ነው። በዓይናችን ለአፍታ ብናያት የማታቃጥለንም ለዚህ ነው፤ ሁሉም ቀንሶባታል፣ ቀዩ ያነሰ ስለቀነሰ ነው የጎላው።

የተወሰደው ሰማያዊ የት ሄደ? ነቀምት ይሄዳል። ቀልድ አይደለም። ነቀምት ከአዲስ አበባ ልክ በምዕራብ በኩል ነው፤ በመኪና መንገዱ ረጅም ቢሆንም ቀጥታ ቢለካ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ። ያን ማታ አዲስ አበባ ላይ አድማሱን ታክኮ የሚገባው ብርሃን፣ ከዚያ በፊት ከነቀምት በላይ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያልፋል። እዚያ ሲያልፍ ሰማያዊው እየተቆነጠረ ወደ ታች ይረጫል። ነቀምት ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከእኛ ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ዘግይታ ነው፤ ስለዚህ ያን ሰዓት ቀና ያለ የነቀምት ሰው ከአናቱ በላይ ገና ሰማያዊ ሰማይ ያያል። ከዚያ ሰማያዊ ትንሹ ክፍል ከአዲስ አበባዋ ጀምበር ላይ የጎደለው ነው። ዕጣኑ ጭስ ጋ እንደተቀመጡት ሁለት ሰዎች ነን፤ እነሱ ከጎን፣ እኛ ፊት ለፊት።

ይሄን ስሌት ይዞ አዲስ አበባ ላይ ለማየት የወጣ ሰው ግን ቅር ሊለው ይችላል። ከከተማው በምዕራብ በኩል የወጨጫ ተራራ አለ። ፀሐይዋ እውነተኛው አድማስ ሳትደርስ፣ ገና ሦስት ዲግሪ ያህል ቀርቷት ሸንተረሩ ጋ ትደበቃለች። በዚያ ከፍታ ላይ ኬላዎቹ 15 ብቻ ናቸው። ከ1,000 ሰማያዊ ከ70 እስከ 80 ያልፋሉ፣ ከቀዩ ከግማሽ በላይ ያልፋል። ውጤቱ ወርቃማ ቢጫ ነው፤ ደም የመሰለ ቀይ አይደለም። የመጨረሻዎቹ ጥቂት ዲግሪዎች ላይ ነው ነገሩ የሚብሰው፤ እኛ ደግሞ እነሱን ተራራው ይቀማናል። በባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ሰው፣ ለምሳሌ ምጽዋ ወይም ጅቡቲ ጠዋት ፀሐይ ከባሕሩ ስትወጣ የሚያይ፣ ከእኛ የባሰ ቀይ የማየት ዕድል አለው። አድማሱ ክፍት ነው። አየሩም ከእኛ ከፍታ ይልቅ እዚያ ይወፍራል፤ አንዱ ኬላ ከሰማያዊው 16 ሳይሆን 20 በመቶ ያህል ይይዛል። በ38 ኬላ መጨረሻ ከ10,000 ሰማያዊ 2 ይቀራል።

እስካሁን የቆጠርኩት ንጹሕ አየርን ብቻ ነው። እውነተኛው አየር ግን አቧራ፣ ጭስና የውሃ ጠብታ አለበት። እነዚህ የሬይሊን ሕግ የሚያከብሩት ከብርሃኑ ሞገድ በጣም ያነሱ እስከሆኑ ድረስ ነው። እየተለቁ ሲሄዱ ምርጫቸው ይጠፋል። የደመና ጠብታ ስፋቱ ከ10 እስከ 20 ሺህ ናኖሜትር ነው፤ ለእሱ ሰማያዊም ቀይም አንድ ነው። ሁሉንም እኩል ይበትናል። ሁሉም ሲበተን ነጭ ነው፣ ደመና ነጭ የሆነው ለዚህ ነው። ተለቅ ያለ አቧራም እንደዚያ ያደርጋል። ዱባይ ወይም ሪያድ የሚኖር ዘመድ ካላችሁ ጠይቁት። አቧራ ባለበት ቀን ሰማዩ የታጠበ ወተት የመሰለ ነው። የእኛ የመስከረም ሰማይ ግን ያን ያህል የሚጠልቀው ክረምቱ አቧራውን አጥቦ ስለወሰደው ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሙሉ ሲዘንብ ከርሞ ደመናው ሲገለጥ የሚቀረው አየር ከሞላ ጎደል ሬይሊ ያሰላው አየር ነው። ከፍታውም ያግዛል፤ ከበላያችን ያለው አየር ባሕር ጠለል ላይ ካለው በሩብ ያህል ያነሰ ነው፣ ሰማዩ ይጠቁራል። በበጋ ደግሞ ከአናት በላይ ሰማያዊ የሆነው ሰማይ ወደ አድማሱ ሲወርድ ይነጣል። ወደ አድማስ ስናይ የምናየው ብዙ ኬላ ስለሆነ፣ የተበተነው ሰማያዊ ራሱ በመንገድ ላይ እንደገና ይበተናል፤ አቧራውም ይጨመርበታል።

"ቆሻሻ አየር ጀምበርን ያሳምራል" ሲባል ትሰሙ ይሆናል። በከፊል እንጂ በሙሉ እውነት አይደለም። በጣም ደቃቅ ጭስ ሰማያዊውን የበለጠ እያስቀረ ቅላቱን ያጎላል። ወፍራም አቧራና ጉም ግን ሁሉንም ቀለም እኩል ስለሚገታ፣ ፀሐይዋን ደብዛዛ ጡብ አድርጎ ገና ከአድማስ በላይ ሳለች ይውጣታል። ልኩ ለየት ያለ ብናኝ ሲሆን ደግሞ ጨዋታው ይገለበጣል። በመስከረም 1950 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ የተነሳ የደን ቃጠሎ ጭስ ውቅያኖስ ተሻግሮ ስኮትላንድ ላይ ፀሐይን ሰማያዊ አድርጓት ነበር። የጭሱ ብናኝ ከሞላ ጎደል አንድ ልክ ስለነበረና ስፋቱ ከብርሃኑ ሞገድ ጋር ስለሚቀራረብ፣ ቀዩን ከሰማያዊው አብልጦ በተነው። ማርስ ላይ ይሄ የዘወትር ነገር ነው። አየሩ ስስ፣ አቧራው ብዙ ነው። ቀኑ ቡናማ ቢጫ፣ ጀምበሯ ስትጠልቅ ዙሪያዋ ሰማያዊ ይሆናል።

የእህቴ ልጅ ጋር የሠራነውን ልንገራችሁ፤ ዕጣኑ እሷን ብዙ አላሳመናትም ነበር። ቀጥ ያለ የመስታወት ብርጭቆ፣ ረጅም ቢሆን ይሻላል፣ ውሃ ሞላን። መብራት አጠፋን። የስልኬን መብራት ከብርጭቆው አንድ ጎን አስጠግተን አበራን። ወተት በሻይ ማንኪያ ጫፍ፣ ጠብ እያደረግን ጨመርን። ሦስት አራት ጠብታ ላይ ከጎን ያለው ውሃ ጉም የመሰለ ሰማያዊ ያዘ። በሌላኛው ጫፍ ሄዳ መብራቱን በውሃው ውስጥ ስታየው ቢጫ ነበር፤ አንድ ሁለት ጠብታ ስንጨምር ብርቱካናማ ሆነ። ጮኸች።

እኔ መጀመሪያ ላይ አበላሽቼዋለሁ። ወተቱን በአንድ ጊዜ ጨመርኩና ሙሉ ብርጭቆው ነጭ ሆነ። ያ ደመናው ነው፤ ብርሃኑ ደጋግሞ ስለተበተነ ቀለሙ ሁሉ ተደባለቀ። ሌላም ነገር አለ። ያልተገፋ ወተት ውስጥ ያለው ቅባት ኳሶቹ ተለቅ ያሉ ስለሆኑ ሰማያዊውን ያደበዝዙታል። ቅባቱ የወጣለት የታሸገ ወተት ካገኛችሁ በጣም ይሻላል፤ እሱ ውስጥ የቀረው ደቃቅ የፕሮቲን ቅንጣት ነው። ስልክ መብራቱም ራሱ ሰማያዊ ስለሚያበዛ ቅላቱ ደም አይመስልም። የድሮው ባለ አምፖል ባትሪ መብራት ያለው ሰው የተሻለ ቀይ ያያል፣ ግን የጎኑ ሰማያዊ ይቀንስበታል።

አንድ ነገር ይቀራል፤ እኔም ብዙ ዓመት ሳላውቀው ኖሬያለሁ። ፀሐይ ከጠለቀች ሃያ ደቂቃ ያህል በኋላ ቀና በሉ። ምዕራቡ ቀልቷል፣ ከአናት በላይ ያለው ሰማይ ግን ሰማያዊ ነው፤ እንዲያውም ከቀኑ የጠለቀ። እስካሁን ባልነው መሠረት ይሄ መሆን አልነበረበትም። በዚያ ሰዓት ወደ ላይኛው አየር የሚደርሰው ብርሃን አየሩን በአግድም አቋርጦ የመጣ ነው። ኬላዎቹን ሁሉ አልፏል፣ ሰማያዊው ተወስዶበታል። ስለዚህ ተበትኖ ወደ እኛ ሲወርድ ቢጫ ወይም ግራጫ መሆን ነበረበት።

ኤድዋርድ ሃልበርት የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ይሄንን በ1953 እ.ኤ.አ. አሰላውና ጉድለቱን አገኘ። ሬይሊ ብቻውን የማምሻውን ሰማያዊ አይሞላውም። የሚሞላው ኦዞን ነው። ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለው ያ ስስ የኦዞን ንብርብር ከፀሐይ የሚመጣውን ጎጂ ጨረር እንደሚያስቀር እናውቃለን። ብርቱካናማና ቢጫ ብርሃንንም ግን በትንሹ ይመጥጣል። አይበትነውም፣ ውጦ ያስቀረዋል። ቀን ላይ ብርሃኑ ንብርብሩን በአጭሩ ስለሚያልፈው ይሄ መምጠጥ ከቁጥር አይገባም። ማታ ግን ብርሃኑ በንብርብሩ ውስጥ ለብዙ መቶ ኪሎ ሜትር በአግድም ስለሚጓዝ ብርቱካናማው ክፉኛ ይቀንሳል። ብተናው ሰማያዊውን ወሰደ፣ ኦዞኑ ብርቱካናማውን ወሰደ፣ ሚዛኑ ተመልሶ ወደ ሰማያዊ አጋደለ።

ለልጅቷ ይሄኛውን ገና አልነገርኳትም። ማምሻውን ቀና ብላ ራሷ እስክትጠይቀኝ እየጠበቅኩ ነው።